ሁለተኛው ቨርስ የመጀመሪያውን ይደግምብኛል፤ ምን ላድርግ?

ግጥም ጀማሪ፦ ዜማው አልቋል፣ አዝማቹም አለ። የመጀመሪያው ቨርስ ይሄ ነው፦

ሻሽሽ ተንጠልጥሎ ከበሩ ጀርባ ላይ
ዓይኔ ይመለሳል ስትመጪ ሊያይ
መብራቱ እንደበራ ሌሊቱ ይነጋል
ጆሮዬ ከደጅ ላይ ኮቴ ይፈልጋል

አዝማቹ «በሩን አልዘጋሁም፣ እስክትመጪ ድረስ» ይላል። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ግን የሚመጣልኝ ይሄ ብቻ ነው፦

ናፍቆትሽ በረታ፣ ቀኑ ጨለመብኝ
አንቺን እያሰብኩኝ ዕንቅልፌ ጠፋብኝ

ቤት ይመታል፣ ዜማው ላይም ልክ ይገባል። ግን ያንኑ ነው የሚለው። እንዴት ልቀጥል?

ቀን ቆጣሪ፦ ጊዜውን አሻግረው። የመጀመሪያው ዛሬ ከሆነ ሁለተኛው ከዓመት በኋላ ይሁን። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የድሮ ገጣሚ፦ ጊዜ ማሻገሩ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያደርስም። «ዓመት ሞላኝ፣ አሁንም ናፈቅሽኝ» ብትል ሰውየው እዚያው ወንበር ላይ ነው። የተቀየረው ቀኑ ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ ሁለቱን ቨርሶች አቀያይረህ ዝፈናቸው። «ናፍቆትሽ በረታ»ን አስቀድመህ ሻሹን ብታስከትል ምን ይበላሻል? ምንም። ይሄ ነው ምልክቱ። ሁለተኛው ቨርስ ፊት ሲመጣ ታሪኩ ካልተናጋ፣ ታሪክ የለውም።

የመጀመሪያው ቨርስህ ጥሩ ነው፣ ዕቃ አለው። ሻሽ፣ መብራት፣ በር። ሁለተኛው ላይ ዕቃዎቹን ጥለህ ስሜቱን በስሙ መጥራት ጀመርክ። እኔ ብሆን አዲስ ነገር አልፈልግም፤ በእነዚያው ዕቃዎች ላይ አንድ ነገር እንዲደርስ አደርጋለሁ። ሻሹን ማን ወሰደው? መብራቱን ማን አጠፋው? ለምሳሌ፦

እህትሽ መጥታ ነበር፣ ሻሹን ተረከበች
ሰርግሽንም ነግራኝ አንገቷን ሰበረች
መብራቱን አጠፋሁ ሻንጣዬን አንስቼ
ወጣሁ ከዚያ ቤት ቁልፉን እዛው ትቼ

በየግማሽ መስመሩ ስድስት ስድስት ቀለሙን ጠብቄልሃለሁ፣ ዜማህ አይሰበርም። «ናፈቅሽኝ» የሚል ቃል የለም፤ ሰሚው ግን ይገባዋል። አሁን አቀያይረህ ሞክረው። ሻሹ ከሄደ በኋላ ተመልሶ በር ላይ ሊንጠለጠል አይችልም።

ባለ ማይክ፦ እኔንም ሁለተኛው ቨርስ ነው የሚገድለኝ። ራፕ ነው የምሠራው፣ አሥራ ስድስት መስመር። ስምንተኛው ላይ ትንፋሽ ያልቅብኛል። ቢቱን ብታዘገየውስ?

ቀን ቆጣሪ፦ ባለ ማይክ፣ እሱ የጠየቀው ስለ ግጥሙ ነው 😄 ለትንፋሹ መስመሩን አሳጥረው።

እንጉርጉሮ ወዳድ፦ እኔ በነገሩ አልስማማም። ሁሉም ዘፈን ታሪክ መናገር አለበት ያለው ማነው? በእንጉርጉሮ እያንዳንዱ ሁለት ስንኝ ለብቻው ይቆማል። አንዱን ብታወጣው ሌላው አይጎዳም፤ ሰውም ወዶ ይሰማዋል። ደግሞ ሰርግ! ፍቅር ሁሉ በሌላ ሰው ሰርግ ማለቁ አሰልችቶኛል።

የድሮ ገጣሚ፦ በእንጉርጉሮው ልክ ነህ። እዚያ ግን ስንኞቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ሰምና ወርቅ ተሸክመው ነው የሚቆሙት፣ ስለዚህ ታሪክ አይጠይቁም። የእሱ የመጀመሪያ ቨርስ ግን ሰው አስጠብቋል። ኮቴው ተሰማ ወይስ አልተሰማም? ይሄን ከፍተህ መተው ይከብዳል። ስለ ሰርጉ እጄን ሰጥቻለሁ፤ እህትየዋ ዝም ብላ ሻሹን ብቻ ይዛ ብትሄድ ይሻል ይሆናል።

ግጥም ጀማሪ፦ ጋሼ፣ አቀያይሬ ዘፈንኩት፤ እውነትም የእኔኛው ምንም አልተናጋም፣ አፈርኩ። የእርስዎ ግን ችግር አመጣብኝ። ሰውየው ሻንጣውን አንስቶ ከወጣ በኋላ አዝማቹ «እስክትመጪ ድረስ» ይላል። ማን ሊጠብቃት ነው?

የድሮ ገጣሚ፦ ጥሩ አየህ። አዝማቹ ሁሉንም ጨርሶ ሲናገር ሁለተኛው ቨርስ መንቀሳቀሻ ያጣል። ግማሹን ቁረጠውና «በሩን አልዘጋሁም፣ በሩን አልዘጋሁም» በለው። ከመጀመሪያው ቨርስ በኋላ «እየጠበቅኩሽ ነው» ይሆናል። ከሁለተኛው በኋላ «ጥዬው ወጣሁ፣ የሚዘጋ ሰው የለም» ይሆናል። ቃሉ ያው ነው፣ ትርጉሙ ግን ዞረ።

ግጥም ጀማሪ፦ «እስክትመጪ ድረስ»ን ነው እኮ ጓደኞቼ ሁሉ የወደዱት። እሷን መቁረጥ አልቻልኩም።

እንጉርጉሮ ወዳድ፦ አትቁረጣት! ሰውየው ይቆይ፣ መብራቱም ይብራ። ሻሹ ብቻ ይሂድ። የምትጠበቅበት ምልክት ሄዶም መጠበቁ ራሱ አዲስ ነገር ነው።

የድሮ ገጣሚ፦ ይሄም ይሄዳል። እንደዚያ ከሆነ ግን ሦስተኛውና አራተኛው ስንኝ እንደገና ይጻፉ። ሁለቱንም ዘፍነህ ቅዳቸውና ነገ ጠዋት ስማቸው።

ግጥም ጀማሪ፦ እሺ ጋሼ። ለጊዜው ሻሹ ሄዷል፣ ሰውየው ግን በር ላይ ቆሟል።