ጣቴ ላይ የቀረ የተንግስተን ቀለበት

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ደሴ ነው። የጋብቻ ቀለበቴ ተንግስተን ነው፣ ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ። ትናንት ጠዋት በር ጣቴን ቀጠቀጠኝና አብጦ ቀለበቱ አልወጣ አለ። ጥፍሬን ስጫነው ነጭ ሆኖ ቶሎ ይቀላል፣ ስለዚህ ደም እየደረሰ ነው። ግን እብጠቱ እየጨመረ ነው።

በሳሙና፣ በዘይት ሞከርኩ። እጄን ከፍ አድርጌ በረዶ ያዝኩበት። ጣቴን በክር ጠምጥሜም ሳብኩ፣ አንጓው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ወርቅ ሠሪ ጋ ሄድኩ። መጋዙ ቀለበቱን ጭረት እንኳ አላወጣበትም፣ የራሱ ጥርስ ነው የተበላው። ማስፋትም አይቻልም አለኝ። እንደ ወርቅ አይሳብም።

ታይታኒየም ቢሆን መጋዙ ይይዘው ነበር፣ ክብደቱም ቀላል ነው። የእኔ እንደ ወርቅ ይከብዳል። ሴራሚክም ቀላል ነው። ስለዚህ ተንግስተን መሆኑን አልጠራጠርም። ይህ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ተንግስተን አይጎብጥም፣ ሲጨበጥ ይሰነጠቃል። ታይታኒየም ግን ጎብጦ ጣት ይጨፈልቃል።

ኮምቦልቻ ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛዬ ከኋላው ብሎን ያለው፣ ተቆልፎ የሚይዝ ፒንሳ አለው። ፒንሳውን ቀለበቱን ልክ እስኪነካ አስተካክለን፣ ከፍተን፣ ብሎኑን ትንሽ አጥብቀን መልሰን ልንጨብጥ ነው፣ እስኪሰነጠቅ። ስብርባሪው ስለሚፈናጠር መነጽር አዘጋጅተናል፣ ፎጣም እንሸፍንበታለን። ነገ ጠዋት ይመጣል። ከዚያ በፊት ጣቴ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ በቀጥታ ሆስፒታል እሄዳለሁ።

በዚህ መንገድ ያወጣችሁ፣ በእያንዳንዱ ጭብጥ ብሎኑን ምን ያህል አዞራችሁት?