ቤቱ የብድሩን አምስት እጥፍ ያወጣል፣ ኦፊሰሩ ግን «ግማሹን አስቢ» አለኝ

ጥልፍ ቤቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሦስት የስፌት ማሽን አለኝ፣ ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን ለመግዛት ከባንክ 600,000 ብር ብድር ጠየቅኩ። እቅዱን ከፍዬ አስጽፌ፣ በወር 74,000 ብር እንደማተርፍ አሳይቼ ነው የሄድኩት። ዋስትናው አዘዞ ያለው የቤተሰብ ቤት ነው፣ ሦስት ሚሊዮን ያወጣል። ኦፊሰሩ ወረቀቱን ሁለቴ ገለጥ ገለጥ አደረገና «300,000 ብትይ እንነጋገራለን» አለኝ። ቤቱ አምስት እጥፍ እያወጣ ምንድን ነው የፈራው? ወይስ ሰው ማወቅ አለብኝ?

የአዘዞ ልጅ

እህቴ ባንክ የሚያየው ቤት ብቻ ነው፣ ሌላው ወሬ ነው። አንቺ ሦስት ሚሊዮን ያልሽው የደላላ ዋጋ ይሆናል። የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ ይለካል፣ የሚገምተው ሕንፃውን ነው፣ መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ዋጋው ዝቅ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ላይም የተወሰነ ፐርሰንት ብቻ ነው የሚያበድሩሽ። ሌላ ባንክ ሞክሪ። ደግሞ ወለዱን አስበሽዋል? 18 በመቶ ብንል በሦስት ዓመት 324,000 ወለድ ብቻ ነው፤ በወር 25,600 ገደማ ልትከፍዪ ነው። እኔ ብሆን አልነካውም።

ባለ ባጃጁ

እኔን ያየ አይበደር። ለራሴ ሰባራ ሳንቲም ሳልበደር ለጓደኛዬ ዋስ ሆንኩ፣ እሱ መክፈል አቆመ። ከዓመት በኋላ ለባጃጅ ብድር ስጠይቅ ሰውየው ኮምፒውተሩን አየና «ዋስ የሆንክበት ብድር ተበላሽቷል» አለኝ። እኔ እኮ ሌላ ባንክ ነበር የሄድኩት! ለማንም ዋስ ሆነሽ ከሆነ ቀድመሽ አጣሪ።

ብድር ክፍል ነበርኩ

ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ፣ አሁን ወጥቻለሁ። ባለ ባጃጁ ያለው እውነት ነው፤ ባንኮች የተበዳሪውን መረጃ ለብሔራዊ ባንክ ስለሚልኩ አንዱ ያየውን ሌላውም ያየዋል። የአዘዞ ልጅ ስለ ግምቱ ልክ ነህ፣ ቤት ብቻ ነው የሚያዩት ያልከው ግን አይደለም። ሒሳብህም ትንሽ ስቷል፤ ወለድ የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ነው፣ እየከፈልሽ ስትሄጂ ይቀንሳል። በ18 በመቶ፣ በ36 ወር፣ የ600,000 ወርሃዊ ክፍያ 21,700 አካባቢ ነው።

ኦፊሰር ቤት ሸጦ ብሩን መሰብሰብ አይፈልግም። እርግጥ በ1990 የወጣው አዋጅ ባንክ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ግን ሐራጅ ውሎ ያደረ ሰው ያውቀዋል። የጎረቤትን ቤት ለመጫረት ሰው ያፍራል፣ እናት ደጅ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፣ ሽማግሌ ይመጣል። ያ ሁሉ ሲሆን ክፍያው ከ90 ቀን ካለፈ ብድሩ የተበላሸ ተብሎ ይመዘገባል፣ የሚጠየቀውም ያጸደቀው ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያየው ብሩ በየወሩ ከየት እንደሚመጣ ነው። ቤቱ ኋላ ነው የሚታየው።

74,000 ያልሽው የጥር ወር መሰለኝ። ጥምቀት አለ፣ ሰርግ አለ፣ ጎንደር ውስጥ በጥር ያላተረፈ ሰፊ የለም። ኦፊሰሩም የጎንደር ሰው ከሆነ ይህን ያውቃል። እስኪ ከደብተርሽ የዓመቱን ሽያጭ፣ የነሐሴን ሽያጭ፣ ወጪሽን፣ ለቤት የምታወጪውን፣ ሌላ የምትከፍዪው ካለም እሱን ጻፊልኝ።

ጥልፍ ቤቷ

ኧረ አዎ የጥር ነው 😅 እቅዱን የጻፈልኝ ልጅ «ጥሩውን ወር ስጪኝ» ብሎኝ ነው። ያለፈው ዓመት ጠቅላላ ሽያጭ 1,128,000 ነው። ጥር 180,000፣ ነሐሴ 62,000። ጨርቅ፣ ክርና ለጥልፍ የምሰጠው ተደምሮ ከመቶ ብር 45ቱን ይወስዳል። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራት 25,000። ለቤት 10,000 አወጣለሁ፣ ሌላውን ባለቤቴ ይሸፍናል። እቁብ በወር 4,000 እጥላለሁ። እሱም ይቆጠራል?

ብድር ክፍል ነበርኩ

እቁቡን በልተሻል ወይስ ገና ነሽ?

ጥልፍ ቤቷ

በልቻለሁ። 24 ሰው ነን፣ 96,000 ደረሰኝ፣ አስቀምጬዋለሁ። አምስት ወር ይቀረኛል፣ ሐምሌን ጨምሮ።

ብድር ክፍል ነበርኩ

ያልበላሽው እቁብ ቁጠባ ነው፣ የበላሽው ግን ዕዳ ነው። ስለዚህ ይቆጠራል።

አሁን እንደ ኦፊሰሩ ሆነን እንየው። ዓመቱን ለ12 ስናካፍለው ሽያጭሽ በወር 94,000 ነው። ጨርቁና ጥልፉ ሲወጣ 51,700 ይቀራል። የሱቁ 25,000 ሲነሳ 26,700፣ የቤት 10,000 ሲነሳ 16,700። ክፍያው ደግሞ 21,700። ገባሽ? ቤቱ ሃያ ሚሊዮን ቢያወጣም ያ ክፍያ ከዚህ ሱቅ አይወጣም። በ300,000 ግን ክፍያው 10,800 ገደማ ነው። እኛ ቤት ከሚተርፍ ሦስት ብር ሁለቱን ለብድር፣ አንዱን ለክፉ ቀን ነበር የምንለው። ከ16,700 ሁለት እጁ 11,100 ነው። ሰውየው ቁጥሩን ከሰማይ አላወረደውም፣ እቁቡን ብቻ አላወቀም።

ነሐሴ ደግሞ አለ። ከ62,000 ጨርቁ ሲወጣ 34,100፣ የሱቁ ሲወጣ 9,100፣ የቤቱ ሲወጣ ወደ 900 ትከስሪያለሽ። ብድር ሳይኖር ማለት ነው።

የአዘዞ ልጅ

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ማሽኑ ሲገባ ገቢዋ ይጨምራል እኮ። ያን ለምን አይቆጥሩላትም?

ብድር ክፍል ነበርኩ

ሁሉም ሰው «ይጨምራል» እያለ ስለሚመጣ ነው። ኦፊሰር ወደፊት ይመጣል የተባለን ደንበኛ አይቆጥርም፣ ቢቆጥርም ግማሹን ነው። አንድ ነገር ግን ይቆጥራል፤ ዛሬ ከኪስሽ እየወጣ ያለና ማሽኑ የሚያስቀረው ብር። እህቴ ለጥልፍ ውጭ የምትሰጪው በወር ስንት ነው? ደረሰኝ አለሽ?

ጥልፍ ቤቷ

በአማካይ 12,000። ደረሰኝ የለኝም፣ ግን ብሩን በስልክ ነው የምልክላቸው፣ መልእክቱ ሁሉ አለ።

ብድር ክፍል ነበርኩ

እቅድሽ ይኼ ነው! አስጽፈሽ የወሰድሽው ወረቀት ላይ ግን የለም። የአንድ ዓመቱን ዝውውር አሳትሚው። ለማሽኑ ክርና መብራት 3,000 ብንል በወር 9,000 ታተርፊያለሽ፣ እሱም በማስረጃ። 16,700 ሲደመር 9,000፣ 25,700። ሁለት እጁ 17,100 ነው። የ450,000 ክፍያ በ36 ወር 16,300 አካባቢ ስለሚሆን ይገባል። እቁቡ እስኪያልቅ ግን አይገባም፣ 4,000ውን ቀንሰሽ ብታሰቢው ታዪዋለሽ። ስለዚህ ኅዳር ላይ ስትጨርሺ ማሽኑ ለጥር እንዲደርስ፣ 150,000 ከራስሽ ጨምረሽ 450,000 ጠይቂ። የራሱን ብር ያላስገባ ሰው ቀድሞ ይሸሻል የሚል ፍራቻ አለ፣ ያንንም ያጠፋልሻል። ነሐሴን ራስሽ አንሺው፤ ክረምት ላይ ክፍያው ቀለል እንዲል፣ ጥርና ግንቦት ላይ ከፍ እንዲል ጠይቂ። ሁሉም አይፈቅድም። ቀድመሽ ማንሳትሽ ግን ሥራሽን እንደምታውቂው ያሳያል።

ደብተሩንም ራሱን ውሰጂው። ለብድር ሲባል የተጻፈ ደብተር ያስታውቃል፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ፣ ዓመቱ በሙሉ ንጹሕ ሆኖ ይመጣል። የእውነቱ ቡና የፈሰሰበት፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት፣ ጥግ ላይ «የሙሽራዋ እናት ቀሪ 800» የሚል ያለበት ነው። እኔ እንደዚያ ዓይነቱን ሳይ ትከሻዬ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ገበያ በማይኖርበት ቀን፣ ሳልነግር ሱቁ ድረስ እሄድና ስንት ቀሚስ እንደተንጠለጠለ፣ ስንት ሰው እንደገባ አያለሁ። ጨርቅ አቅራቢውንም እጠይቃለሁ።

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ

አንድ ነገር ዘለላችሁ። ለገቢዎች ያሳወቅሽው ሽያጭ ስንት ነው? ለግብር 400,000 ብለሽ ለባንክ 1,128,000 ካልሽ ኦፊሰሩ የትኛውን ይመን? ብዙ ቦታ በግብር ወረቀቱ ነው የሚሄዱት። የንግድ ፈቃድሽም የታደሰ ይሁን።

ጥልፍ ቤቷ

እሱን እዚህ ባልመልሰው ይሻላል 🙈

ብድር ክፍል ነበርኩ

ግድ የለም፣ እኛ እዚህ አንጠይቅሽም፤ ኦፊሰሩ ግን ይጠይቅሻል። ቤቱን እንመለስበት፤ ካርታው በማን ስም ነው?

ጥልፍ ቤቷ

በአባቴ። አርፏል፣ አራት ዓመቱ። እናቴ ትፈርማለች፣ ችግር የለም።

ብድር ክፍል ነበርኩ

ችግር አለ። በሞተ ሰው ስም ያለ ካርታ አይያዝም። መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ወጥቶ ስሙ ይዛወር። ወንድምና እህት ካሉሽ ድርሻ ስላላቸው እነሱም ይፈርማሉ። አንዱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው ራሱ ወራት ይወስዳል። አሁኑኑ ጀምሪው፣ እስከ ኅዳር ጊዜ አለሽ።

ባለ ባጃጁ

ማሽኑን ራሱን አያስይዙትም? በእኔ ባጃጅ ሊብሬውን ነው የያዙት።

ብድር ክፍል ነበርኩ

ከ2011 ወዲህ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ማስያዝ በሕግ ይቻላል። ሆኖም ባጃጅ ነገ ይሸጣል፣ የጥልፍ ማሽን ጎንደር ውስጥ ስንት ሰው ይገዛዋል? ብዙ ኦፊሰር እንደ ተጨማሪ እንጂ ለብቻው አይቀበለውም። መጠየቅ ግን አይከፋም።

የእቁብ ጸሐፊ

እኔ ግን በእቁቡ አልስማማም። እቁብን ለባንክ መናገር ራስን ማሳነስ ነው፣ በየትም ኮምፒውተር አይታይም። ዝም በይ።

ብድር ክፍል ነበርኩ

ጎንደር ውስጥ? የአንዱ ኦፊሰር አክስት እዚያው እቁብ ውስጥ ናት። 24 ወር አንድም ቀን ሳታስተጓጉዪ መጣልሽን ሰብሳቢው ቢጽፍልሽ እኔ እንደ ጥሩ ታሪክ አየው ነበር። ሁሉም ኦፊሰር እንደዚያ ያያል ግን አልልም።

የእቁብ ጸሐፊ

እኔ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፣ ማኅተምም የለን።

ጥልፍ ቤቷ

እግዜር ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ መተማ ነው፣ ስለ ፊርማው ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። ከ150,000ው 54,000 ይጎድለኛል፤ ከአሮጌዎቹ ማሽኖች አንዱን ብሸጥ የሚያውቅ ካለ፣ ስንት ያወጣል?