የቻይናን ሎንግ «ዘንዶ» ብንለው ያስኬዳል?

ተርጓሚዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቻይና በዓላት የሚናገር የልጆች መጽሐፍ እየተረጎምኩ ነው። 2024 በእነርሱ አቆጣጠር የሎንግ፣ ማለትም በእንግሊዝኛ ድራገን የሚባለው የተረት ፍጥረት፣ ዓመት ነበር፤ በዚያ ዓመት ልጅ መውለድን ብዙዎች እንደ መልካም ዕድል ያዩታል። እኔ ግን «የዘንዶ ዓመት» ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በእኛ ዘንድ ዘንዶ የዮሐንስ ራእዩ ጠላት ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋው ነው። አንዱ ሕዝብ የሚረግመውን ሌላው እንዴት ያከብረዋል? ቃሉንስ ልቀይረው?

የቆላ ልጅ፦ ዘንዶ በእኛ አገር በዓይን የሚታይ እንስሳ ነው፤ ፍየል ይውጣል። የቻይናው አራት እግርና ቀንድ ስላለው «ሎንግ» ብለሽ እለፊው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ሰው የሚውጠውን አውሬ ይፈራል፤ ያላየውን ፍጥረት ማክበር ግን አይከብደውም።

ዘደብር፦ ወንድሜ፣ ስለ እንስሳው ልክ ነህ፤ ምክንያቱ ግን በዚህ አያልቅም። እኛው ዘንዶውን የምንፈራው ሰዎች በጎ ዘንዶም አለን። አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ ሲደርሱ መውጫ አልነበረም፤ ገደሉ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛሬም የሚወጣው በገመድ ነው። በገድላቸው እንደሚነገረው ዘንዶ ከላይ ወርዶ ወገባቸውን ጠምጥሞ አወጣቸው። ሥዕሉን ልብ ብላችሁ እዩት፦ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ አጠገቡ ቆሟል። ዘንዶው ጉዳት እንዳያደርስ ይጠብቀዋል። ፍጥረቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የታዘዘ መሆኑ ነው።

ከዚህ ጋር የዘንዶውን ንጉሥ የአርዌን ተረክ አስተያዩ። አርዌ በሕዝቡ ላይ ነግሦ ከብትና ልጃገረድ ይገብሩለት ነበር። አንጋቦ መርዝ የበላች ፍየል አቀረበለት፤ ውጧት ሞተ፤ አንጋቦም ነገሠ። የራእዩ ዘንዶም በሰባት ራሶቹ ላይ ሰባት ዘውድ አለው። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ዘንዶ ራሱ ሲነግሥና ግብር ሲበላ ጠላት ይሆናል፤ ከበላዩ ጌታ ሲኖረውና ሥራ ሲሰጠው ወዳጅ ይሆናል።

ሰላማዊት፦ ይቅርታ፣ እኔ በሕልሜ ዘንዶ ደጋግሞ ይታየኛል፤ ቤት ገብቶ ይጠመጠማል። ፍቺው ምን ይሆን?

ዘደብር፦ እኅቴ፣ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ቃሉ ነው፤ የሕልሙን ነገር ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

ሩቅ ምሥራቅ፦ ቻይና ለትምህርት ብዙ ጊዜ ስለኖርኩ ልጨምር። የሎንግ ዋና ሥራው ዝናብ ነው። በጥንቱ የሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተጻፈው የቻይና መዝገበ ቃላት ሎንግ በጸደይ፣ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ በመጸው ደግሞ ወደ ጥልቅ ውኃ ይወርዳል ይላል። ገበሬው ዝናብን የሚጠብቀው ከእርሱ ነው። ድርቅ ሲጸና በየመንደሩ ያደርጉት የነበረው ግን ያስገርማል፤ የሎንጉን ንጉሥ ምስል ከመቅደሱ አውጥተው ጠራራ ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል። ሙቀቱን ቀምሶ ዝናቡን ይልቀቅ ብለው ነው። ይህ ንጹሕ አምልኮ አይደለም፤ ሥራውን ያልሠራ ሹም የሚቀጣበት መንገድ ነው። የዘደብርን አሳብ የሚደግፍ ይመስለኛል፤ በታሪኮቻቸው የሎንግ ነገሥታት ከሰማዩ ንጉሥ ትእዛዝ ይቀበላሉና።

ክፉም አላቸው። በሲቹዋን ዱጂያንግየን የሚባል ከ2,200 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የመስኖ ሥራ አለ። ሥራውን የመራው ሊ ቢንግ ጎርፍ የሚያመጣውን ሎንግ አሸንፎ አሰረው ይባላል፤ በቦታው ላይ «የተገዛው ሎንግ» የሚባል መቅደስ ቆሟል። ወንዙ ሲያጠጣ ሎንጉ መልካም ነው፤ ሲያጥለቀልቅ ጠላት ነው።

የቆላ ልጅ፦ እንግዲያው ነገሩ ውኃ ነው በሉን!

ሩቅ ምሥራቅ፦ ውኃ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቬዳ በሚባሉት የሕንድ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ቭሪትራ የሚባለው እባብም ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው፤ ግን ውኃውን ይዞ የሚከለክል ስለሆነ ኢንድራ የተባለው የነጎድጓድ አምላክ ይገድለዋል። እዚያው ሕንድ ደግሞ ሙቻሊንዳ የተባለው የእባብ ንጉሥ ቡድሃ በዝናብና በነፋስ ሲመታ ራሱን ዘርግቶ አስጠልሎታል። ስለዚህ የሚለየው ውኃው ሳይሆን በውኃው ነገር ሰውን መጥቀሙ ወይም መጉዳቱ ነው።

ተርጓሚዋ፦ ዘደብር፣ እርስዎ ያሉት አንድ ቦታ ላይ አልገባልኝም። የቻይና ንጉሠ ነገሥት ራሱን በሎንግ ይመስል ነበር፤ በኋለኞቹ ሥርወ መንግሥታት ባለ አምስት ጥፍሩ ሎንግ ለቤተ መንግሥት የተለየ ነበር። ሎንግ ነግሧል፣ ግብርም ይቀበላል፤ ግን የተከበረ ነው። ይህስ?

ዘደብር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚነግሠው የሚገደለው ዘንዶ ሳይሆን በዘንዶ የሚመሰለው ሰው ነው ልል እችላለሁ፤ ይህ ግን መልሱን ሁሉ አይሸፍነውም።

ሩቅ ምሥራቅ፦ የቻይናው ንጉሥም የሥልጣኑን ሕጋዊነት ከሰማይ አገኘሁ ይላል፤ ከበላዩ አለቃ አለው። ቢሆንም ታዛዥነቱ ከደብረ ዳሞው ዘንዶ ጋር አንድ ነው ለማለት እኔም አልደፍርም።

ተርጓሚዋ፦ ለጊዜው በርዕሱ «ሎንግ» ብዬ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ዝናብ የሚያዘንብ ዘንዶ» ብዬ አስተዋውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ከደብረ ዳሞው ሥዕል ጋር ሊያያይዘው ይችላል። የንጉሠ ነገሥቱን ገጽ ግን ገና አልነካሁትም።