በእጅ 13፣ በፓይተን 14.44፦ ትሬስ ቴብሌና ፕሮግራሜ የት ጋ ተለያዩ?

የማታ ተማሪ
ሱዶኮዱ የአንድን ቁጥር አሃዞች ይደምራል። በ472 ድራይ ራን ስሠራ 13 አገኘሁ። ወደ ፓይተን ገልብጬ ሳስኬደው ግን 14.444 ምናምን ይላል። የቱ ነው የተሳሳተው?

```
n ← 472
s ← 0
WHILE n > 0
    d ← n MOD 10
    s ← s + d
    n ← n DIV 10
ENDWHILE
OUTPUT s
```

የኔ ፓይተን፦

```
n = 472
s = 0
while n > 0:
    d = n % 10
    s = s + d
    n = n / 10
print(s)
```

ኪቦርድ
እኔ ይህንኑ በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፍኩት፣ ያው `/` ነው፣ 13 አወጣልኝ። ስለዚህ ኮድህ ልክ ነው። ፓይተንህን አጥፋና እንደገና ጫነው።

መምህር ከደብረ ብርሃን
ኧረ ምንም አታጥፋ። የሲ ፕላስ ፕላሱ 13 ያወጣው `n` `int` ስለሆነ ነው፤ ሁለት `int` ሲካፈሉ ቀሪው ይጣላል። የፓይተን 3 `/` ግን ምንጊዜም ባለ ነጥብ ቁጥር ይሰጣል።

ግን መልሱን ከኔ ከመቀበልህ በፊት ራስህ እንድታየው እፈልጋለሁ። የመጨረሻውን መልስ ብቻ ማነጻጸር የትኛው ረድፍ ላይ እንደተሳትክ አይነግርህም። ፕሮግራሙ ራሱ ሠንጠረዡን ይጻፍልህ። `while` ውስጥ፣ ከ`n = n / 10` በታች፣ `print(d, s, n)` ጨምር። የሚወጣውን ከወረቀትህ ጋር ጎን ለጎን አድርገህ ረድፍ በረድፍ አንብብ። መጀመሪያ የተለያዩበት ቦታ ላይ ቁም፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የሱ መዘዝ ነው።

ቡና ሰዓት
እኔ ሁሌም `print`ን ሉፑ መጀመሪያ ላይ ነው የማስገባው። እንደዚያ ይቀላል።

መምህር ከደብረ ብርሃን
እዚህ ላይ አይሆንም። በመጀመሪያው ዙር `d` ገና ዋጋ አልተሰጠውም፣ `NameError` ይልብሃል። `s` እና `n` ብቻ ብታወጣም እንኳ ረድፎቹ በአንድ ዙር ወደ ኋላ ይቀራሉ። የተማሪው ወረቀት የዙሩን መጨረሻ ነው የሚመዘግበው፣ `print`ም እዚያው መሆን አለበት።

የማታ ተማሪ
እሺ መምህር፣ አስገባሁት። ወረቀቴ ይህ ነው፦

```
d  s   n
2  2   47
7  9   4
4  13  0
```

ፕሮግራሙ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ `2 2 47.2` አለ። ሁለተኛው ላይ `d` 7.200000000000003 ሆነ። ከዚያ ረድፉ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ማለቂያ ያለው አይመስልም።

መምህር ከደብረ ብርሃን
ይኸው አገኘኸው። በመጀመሪያው ረድፍ `d` እና `s` ይስማማሉ። `n` ብቻ ተለየ። ስለዚህ ጥፋቱ `n`ን የሚቀይረው መስመር ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልግ። ያቺ ጭራዋ ላይ ያለችው 3 አታስጨንቅህ፤ 47.2 በኮምፒውተሩ ሁለትዮሽ አጻጻፍ በትክክል አይቀመጥም።

ረድፉ የበዛው ደግሞ `n` ዜሮ መድረስ ስላቃተው ነው። በወረቀትህ ሦስተኛው ዙር ላይ 0 ሆነ። ፕሮግራሙ ግን እዚያ ጋ 0.472 ይዟል፣ ቀጥሎ 0.0472፣ እንዲህ እያለ። ቁጥሩ ማሽኑ ሊይዘው ከሚችለው በታች እስኪያንስ ከ300 ዙር በላይ ይሄዳል። ድምሩንም በእጅህ ማየት ትችላለህ፦ 2 ሲደመር 7.2 ሲደመር 4.72፣ 13.92 ነው። የቀሩት ጭራዎች 14.444 አደረሱት። የሱዶኮዱ `DIV` በፓይተን `//` ነው።

የማታ ተማሪ
`//` አድርጌው 13 መጣ፣ ረድፎቹም ገጠሙ። አንድ ነገር ቀረኝ። የመልስ ወረቀቱ ላይ አራት ረድፍ ነው ያለው። እኔም ፕሮግራሙም ሦስት።

መምህር ከደብረ ብርሃን
የመጀመሪያው ረድፍ `d` ባዶ፣ `s` 0፣ `n` 472 ከሆነ፣ ከሉፑ በፊት ያለው መነሻ ነው። `print`ህ ሉፕ ውስጥ ስላለ አይታየውም። ከ`while` በላይ `print("-", s, n)` ብታክል አራት ይሆናል። አንተም ወረቀትህ ላይ ጻፈው፤ እኔ ሳርም መነሻው ከሌለ ሁለተኛው ረድፍ ከየት እንደመጣ አይታየኝም። `n > 0` የሚል ዓምድም ብትጨምር ጥሩ ነው፤ ሉፑ የት እንደቆመ በግልጽ ያሳያል።

ሰማያዊ እስክሪብቶ
የኔም ተመሳሳይ ነው፣ ግን -472 ነው የተሰጠኝ፣ ሁኔታውም `n <> 0` ነው። በ`//` ስሞክረው ጨርሶ አልቆም አለ።

መምህር ከደብረ ብርሃን
ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው እንጂ። የፓይተን `//` ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚያጠጋጋው። -472 ወደ -48፣ ከዚያ -5፣ ከዚያ -1 ይሄዳል። -1ን በ10 ስታካፍል ደግሞ መልሶ -1 ነው፣ እዚያው ይቀራል። ሲ ፕላስ ፕላስ ወደ ዜሮ ስለሚያጠጋጋ -47፣ -4፣ 0 ብሎ ይቆማል።

ሰማያዊ እስክሪብቶ
ታዲያ ወረቀቱ ላይ የቱን ልጻፍ? -48 ወይስ -47?

መምህር ከደብረ ብርሃን
ሱዶኮዱን ያወጣው ክፍል `DIV`ን ለኔጋቲቭ ቁጥር እንዴት እንደሚያሰላ መጻፍ ነበረበት። መመሪያው ላይ አለ?

ሰማያዊ እስክሪብቶ
የፖዘቲቭ ምሳሌ ብቻ ነው ያለው። ነገ መምህራችንን እጠይቃለሁ።