«ደም የለበትም፣ ማን ይፈራዋል?» በሚለው ላይ የተነሳ ክርክር

ቦርከና፦ የምንሠራውን አስፈሪ የቪዲዮ ጨዋታ መግቢያ ትረካ ትናንት ለሰዎች አስደመጥን። አንዱ «ደም የለበትም፣ ማን ይፈራዋል?» ብሎ አጣጣለው። በጣም ነው ያናደደኝ። ጽሑፉ ይኸው፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

«ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ሰልፍ ሜዳው ሣር ውጦታል። ከባንዲራው እንጨት ፊት ለፊት ግን ሣሩ ተረግጧል፣ በመስመር በመስመር። 7ኛ ለ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ‹ጳጉሜን 6 ቀን 2014› ይላል። ጠረጴዛው ላይ የስም መጥሪያው ተከፍቷል። ሁሉም ስም ፊት ምልክት አለ፣ ከመጨረሻው በቀር። የመጨረሻው የእኔ ነው። በጣም ፈራሁ። ውጭ ቸርኬው ተመታ።»

ፒያሳ 03፦ ያንን ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ተጫዋች ትረካ አይሰማም፣ ተጭኖ ያልፈዋል። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ደም አሳየው፣ ከዚያ የፈለግከውን አውራ።

ጦሳ ሥር፦ ተጭኖ ያልፈዋል ያልከው እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ደም አይደለም። ደም ሲያይ ተጫዋቹ መልስ አገኘ ማለት ነው። እዚህ ሰው ሞቷል፣ ገዳይ አለ፣ መሣሪያ ልፈልግ ይላል። የተረገጠው ሣር ግን መልስ የለውም። ሰልፉን ማን ቆመበት? ልጅ ከሆነ፣ የማን ልጅ? ጥያቄውን ይዞት ክፍል ውስጥ ይገባል። የሬዲዮ ድራማ ድምፅ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። አድማጭ የሚፈራው ራሱ የደረሰበትን ነገር ነው፣ የነገርከውን አይደለም። ስለዚህ «በጣም ፈራሁ» የምትለዋን አውጣት። ተራኪው ከፈራ አድማጩ ይቀመጣል።

ፒያሳ 03፦ «መልስ አገኘ» ትላለህ። ታዲያ ያለ መልስ ስንት ደቂቃ ይጫወታል?

ጦሳ ሥር፦ ትረካው ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ ነው የምልህ። ደግሞ ተራኪው እያወራ ተጫዋቹ ይራመድ። እጁ ታስሮ ከተቀመጠ ነው ለመዝለል የሚቸኩለው።

ሰሚራ ከሐይቅ፦ እኛ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ግን እውነት ነው ወላሂ። ሌሊት ቸርኬው ሲመታ አባቴ ሰምቷል። ዱበርቲዎቹ ዱዓ አድርገው ነው ያቆመው። እናንተ የትኛው ትምህርት ቤት ነው የምትሉት? ዘበኛ የለውም?

ቦርከና፦ እታለም፣ ጨዋታ ነው፣ እውነተኛ ቦታ አይደለም። አብሽሪ።

ሰሚራ ከሐይቅ፦ ጨዋታ ከሆነ እሺ። ግን ቸርኬ ሲመታ አንዴ ብቻ አይደለም የሚመታው። ለመግቢያ እየፈጠነ ይመታል፣ ለእረፍት ሌላ ነው። አንዴ ብቻ ከተመታ ልጅ ነክቶት ሮጧል ማለት ነው።

ጦሳ ሥር፦ ይቺ ትልቅ ነገር ናት! ቦርከና፣ የመግቢያውን አመታት ሙሉውን ቅዳው። ተማሪ የነበረ ሁሉ እግሩ ራሱ ወደ ሰልፍ ይሄዳል።

ፒያሳ 03፦ ተራኪው «አንተ» ቢል ይሻላል። «ገባህ፣ አየህ»። ለእኔ ሲባል ነው የምፈራው።

ሰሚራ ከሐይቅ፦ እኔስ? ወንድሞቼ ሲጫወቱ እኔም እጫወታለሁ። «ገባህ» ሲለኝ ለሌላ ሰው እየተነገረ ነው ብዬ እቀመጣለሁ።

ጦሳ ሥር፦ ትክክል። «እርስዎ» ካልከው ደግሞ የቢሮ ማስታወቂያ ይሆናል። «ገባሁ» ወንድም ሴትም ይለዋል፣ እሱ ይቆይ። ያለው ችግር ሌላ ነው። «ገባሁ» ያለ ሰው በሕይወት ወጥቶ ነው የሚያወራው። ስለዚህ የት ሆኖ እንደሚያወራ አትንገር። ድምፁን ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቅዳው። ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀዳ የተመቸው ሰው ይመስላል።

ቦርከና፦ ዝናብ ልጨምር አስቤ ነበር። የደሴ ክረምት ያለ ዝናብ አይሆንም።

ጦሳ ሥር፦ ጨምር፣ ግን ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ንግግር አይሰማም። እዚያው ተጠቀምበት። ሰልፍ ሜዳው ላይ ሲሆን ዝናቡ ድምፁን ይሸፍነው። ክፍሉ ውስጥ ሲገባ የጣሪያው ድምፅ ቀጥ ይበል። በመስኮት ግን ዝናቡ እየወረደ ይታይ። ተራኪው ስለዚህ አንድ ቃል አይናገር። ሰሌዳውንም እንደዚያው። ቀኑን አንብቦ ይለፍ።

ፒያሳ 03፦ የሰሌዳው ቀንማ አይሠራም። ጳጉሜን 6 በየአራት ዓመቱ የሚመጣ ቀን ነው። ጳጉሜን 7 በሉት፣ የለማ።

ጦሳ ሥር፦ 7 ካልከው ሰው የጸሐፊው ስህተት ነው ብሎ ያልፈዋል። 6 ግን ያለ ቀን ነው፣ 2015 ላይ ነበረ። 2014 ግን 5 ብቻ ነበረው። ተጫዋቹ ቆጥሮ ሲደርስበት ነው የሚሠራው። ያልነበረ ቀን ላይ ማን አስተማረ? ደግሞ ጳጉሜን ትምህርት ቤት ዝግ ነው።

መምህር ከኩታበር፦ ሁላችሁም ስለ ጳጉሜን ትከራከራላችሁ። እኔ ያየሁት ዓመቱን ነው። 2014ን ማን ፈቀደላችሁ? ያን ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ወሎ ውስጥ የሆነውን ታውቃላችሁ። እኔ የማስተምርበት ስንመለስ ዴስኩ የለም፣ የተማሪ መዝገቡ ሜዳ ላይ ተበትኖ ዝናብ መትቶታል። ስም መጥሪያውን እኔ ነኝ አንድ በአንድ ያነሳሁት። ያልተመለሱ ልጆች ነበሩ። እናንተ ያንን ለመጫወቻ ታደርጉታላችሁ።

ቦርከና፦ መምህር፣ እኛም እዚሁ ነበርን። ለማላገጥ አይደለም። ደም ያላስገባነው እኮ በዚህ ምክንያት ነው።

መምህር ከኩታበር፦ «ደም አላስገባንም» አትበለኝ። ምልክት የሌለው ስም ከደም ይብሳል። ለእኔ ይብሳል።

ፒያሳ 03፦ ይኸው! ያለ ደምም ያስፈራል ማለት ነው፣ መምህሩ ራሳቸው መሰከሩ።

ሰሚራ ከሐይቅ፦ አንተ ልጅ፣ ዝም በል እስቲ። ሰው ቁስሉን እያወራ ነው።

ጦሳ ሥር፦ መምህር እውነት አላቸው። ዓመቱን 2009 አድርገው ቦርከና። እሱም ጳጉሜኑ 5 ነው፣ ስሌቱ አይበላሽም። «የመጨረሻው የእኔ ነው» የምትለዋንም አውጣ። ተጫዋቹ መጀመሪያ ስሙን ይጽፍ የለ? መዝገቡ ላይ ራሱ ያንብበው።

ቦርከና፦ «የመጨረሻው የእኔ ነው» የምትለዋን አወጣለሁ። «ፈራሁ»ንም። ዓመቱ ላይ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የተዘጋ ትምህርት ቤት ወሎ ውስጥ አስቀምጬ 2009 ብል፣ የዚህ አገር ልጅ ለምን እንደሸሸሁ ያውቃል። ይኼም መዋሸት ነው።

መምህር ከኩታበር፦ መዋሸት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው።

ቦርከና፦ እናንተ ትምህርት ቤት ውስጥ የሆነውን ማንም ካልተናገረ ታዲያ ማን ያስታውሰዋል?

መምህር ከኩታበር፦ እኔ አስታውሰዋለሁ። ተማሪዎቼም። ለማስታወስ ከሆነ በስማቸው ጻፍና ና፣ ቁጭ ብዬ እነግርሃለሁ። ማስፈራሪያ አታድርገው። ስም ሲጠራ «አቤት» የሚለውን የልጆች ድምፅ እንዳስቀዳላችሁ ለምናችሁኝ ነበር፣ እሺም ብያለሁ። 2014 ሰሌዳው ላይ ካለ ልጆቼን አላመጣም።

ፒያሳ 03፦ የልጅ ድምፅ እኮ ከሌላ ቦታም ይገኛል።

ጦሳ ሥር፦ አይገኝም። የአዲስ አበባ ልጅ «አቤት» ሲልና የኩታበር ልጅ ሲል አንድ አይደለም፣ የወሎ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ቦርከና፣ ዓመቱን ሳትወስን ቀረጻ አትጀምር።

ቦርከና፦ ቅዳሜ ኩታበር እመጣለሁ መምህር። ዓመቱን ግን ገና አላወጣሁትም።

መምህር ከኩታበር፦ ና፣ ቡና አለ። ልጆቹ ግን አይኖሩም።