ሲጨመቅ ለምን አልደበዘዘም? የ N2O4 እና የ NO2 ሚዛን

ንጋት (ጠያቂ)፦ N2O4 ⇌ 2NO2 በሲሪንጅ ውስጥ ሲጨመቅ ሚዛኑ ሞል ወደሚያንስበት፣ ወደ N2O4 ይሄዳል ተብለን ተምረናል። ቡናማው NO2 ነው፤ N2O4 ቀለም የለውም። ስለዚህ ጋዙ መደብዘዝ ነበረበት። ባየሁት ቪዲዮ ግን ከመጨመቁ በፊት ከነበረው ይልቅ ጠቁሮ ቀረ። የተሳሳተው ሕጉ ነው ወይስ ቪዲዮው?

ታዛቢ፦ ሕጉ ትክክል ነው። ግፊት በጨመረ ቁጥር ሚዛኑ ሁልጊዜ የጋዝ ሞል ወደሚያንስበት ይሄዳል። ቪዲዮው ቶሎ ተቆርጦ ይሆናል እንጂ ትንሽ ቢቆይ ከመጀመሪያውም በታች ይደበዝዝ ነበር።

መምህሩ፦ ንጋት፣ ቪዲዮውም ሕጉም ልክ ናቸው። አቅጣጫውን ብቻ ይዘህ የት እንደሚቆም ስላላሰላህ ነው የተጋጩብህ። ለስሌት የሚመች ቁጥር ልስጥህ። የሚዛን ቋሚው K = 0.0050 ይሁን፤ በ1 ሊትር ውስጥ 0.020 ሞል N2O4 እና 0.010 ሞል NO2 አለ እንበል። የ NO2 ክምችት በራሱ ተባዝቶ ለ N2O4 ክምችት ሲካፈል 0.0050 ይሰጣል፤ ሚዛን ላይ ነን።

አሁን ይዘቱን በግማሽ ቀንስ። ገና ምንም ሳይለወጥ ሁለቱም ክምችቶች እጥፍ ይሆናሉ። ያንኑ ስሌት በቅጽበቱ ባሉት ክምችቶች ስንሠራው የሚወጣውን ቁጥር Q እንበለው።

```
Q = (0.020)^2 / 0.040 = 0.010
```

Q ከ K በለጠ። የላይኛው ክምችት በራሱ ስለሚባዛ አራት እጥፍ ሲሆን የታችኛው ሁለት እጥፍ ብቻ ሆነ፤ "ሞል ወደሚያንስበት" የሚለው አባባል የመጣውም ከዚህ ነው። Q ወደ K እንዲወርድ NO2 ወደ N2O4 ይለወጣል። እኩልታውን ስትፈታ NO2 በ 0.0146፣ N2O4 በ 0.0427 ሞል በሊትር ይቆማሉ።

የ NO2ን ቁጥር ልብ በል። ከ 0.020 ወርዷል፤ ወደ 0.010 ግን አልተመለሰም። በሞል ብትቆጥረው ከ 0.010 ወደ 0.0073 ቀንሷል፤ የቀረው ግን በግማሽ ቦታ ተጨናንቋል። ከጎን ስታየው የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

ታዛቢ፣ "ሁልጊዜ" የሚለውን ቃል አልቀበልም። ይዘቱ ሳይለወጥ አርጎን ብትጨምርበት አጠቃላይ ግፊቱ ይጨምራል፤ የሁለቱ ጋዞች ክምችት ግን እዚያው ነው። Q አልተነካም፤ ሚዛኑም አይንቀሳቀስም።

ታዛቢ፦ የአርጎኑን ተቀብያለሁ። ግን አርጎን ሲጨመር ሲሪንጁ እንዲሰፋ ቢለቀቅስ?

መምህሩ፦ ያን ጊዜ ይዘቱ ስለሚሰፋ የሁለቱም ክምችት ይቀንሳል፣ Q ከ K ያንሳል፣ NO2 ይበዛል። አርጎኑ ያው ሆኖ ውጤቱ ሌላ ሆነ፤ ለዚህ ነው ግፊትን ትቼ Qን የምጠይቀው።

ጎህ፦ የእኔ ችግር ሌላ ነው። የታሸገ የመስታወት ብልቃጥ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ቡናማነቱ ይጨምራል። ይዘቱ አልተለወጠም፣ የተጨመረ ነገርም የለም። Qን ሳሰላ ያው ከ K ጋር እኩል ሆነብኝ። ታዲያ ምን አንቀሳቀሰው?

መምህሩ፦ Qህ ትክክል ነው፤ ያረጀው Kህ ነው። በጭመቃ ጊዜ K ቆሞ Q ይሸሻል፤ በሙቀት ጊዜ ግን Q ባለበት ቆሞ K ይሸሻል። አንድ ሞል N2O4 ለመከፈል 57 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሙቀት ሲጨምር K ያድጋል። Q ከአዲሱ K ስላነሰ NO2 ይበዛል። በ25 ዲግሪ K ተሰልቶ የተሰጠህን ቁጥር ለሙቁ ብልቃጥ አትጠቀምበት።

የቤተ ሙከራ ሰው፦ ይህን ሙከራ ለዓመታት አሳይቻለሁ። ንጋት፣ ቪዲዮው የተቀረጸው ከጎን ነው ወይስ ከሲሪንጁ ጫፍ? ከጫፍ ሆነህ በቁመቱ ካየህ ብርሃኑ የሚያልፍበት መንገድም በግማሽ ስለሚያጥር ዓይንህ የሚቆጥረው ሞሉን ነው፤ ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ደብዝዞ ታየዋለህ። አንዱን ሙከራ በሁለት በኩል መቅረጽ ክርክሩን ይዘጋዋል። NO2 መርዛማ ስለሆነ ጭስ መሳቢያ በሌለበት አትሞክረው።

አንድ ነገር ግን መምህር፣ ብዙዎች "መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይደበዝዛል፤ ያ መደብዘዝ የሚዛኑ ጉዞ ነው" ይላሉ። አጸግብሮቱ በጣም ፈጣን ነው፤ በማይክሮሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ፈጥነህ ስትጨምቀው ግን ጋዙ ይሞቃል፣ K ለጊዜው ከፍ ይላል፤ በሰከንዶች ውስጥ የምታየው መደብዘዝ በአብዛኛው ጋዙ ሲቀዘቅዝ ይመስለኛል።

መምህሩ፦ ስሌቴ መነሻና መድረሻው አንድ ሙቀት ላይ ሲሆኑ ነው የሚሠራው፤ መሐሉን አይገልጽም። በዝግታ ተጨምቆ የተቀረጸ ካለህ ማየት እፈልጋለሁ።

ንጋት፦ ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት፤ ከጎን ነው የተቀረጸው። ገፊው ዘንግ የወረደው በአንድ ጊዜ ስለሆነ የሙቀቱን ነገር ከዚህ መለየት አልቻልኩም።