የዕድራችን አዳራሽ ጣሪያ፦ ለእሁድ ስብሰባ የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊው፦ ግንቦት ሊያልቅ ነው። ስለ ጣሪያውና ስለ አሸንዳው ብቻ ጻፉ።

ሞላ አናጢው፦ ትናንት ወጥቼ ለካሁት። አዳራሹ 12 በ8 ነው። ከግድግዳው አናት እስከ ጣሪያው ጫፍ ግን 40 ሳንቲም ብቻ ነው የተነሳው። ለ4 ሜትር ይህ ለጥ ያለ ነው። ውሃው ስለሚዘገይ፣ ነፋስ ሲገፋው በቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ ይገባል። ወደ 1 ሜትር እናንሳው። 20 ሳንቲም የነበረው ታዛም 60 ይሁን። የጓሮውን ግድግዳ እዩት። ጭቃ እስከ ጉልበት ተረጭቶበታል፣ ልስኑ ረግፎ ጭዱ ወጥቷል። መሬት መትቶ የሚመለሰው ውሃ ነው የበላው።

ታደሰ፦ ቁልቁለቱ ከጨመረ አሸንዳ ምን ያደርጋል? ውሃው ቶሎ ይወርዳል፣ አለቀ።

ሞላ አናጢው፦ ከጣሪያው ይወርዳል እንጂ ከመሠረቱ አይርቅም። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ቢመጣ፣ በአንዱ ጎን በደቂቃ 55 ሊትር ይወርዳል። ከሁለት ትልልቅ ጀሪካን በላይ ነው። አሸንዳው ከመሃል ወደ ሁለቱ ጫፍ ይዘቅዝቅ፣ በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲም።

አበበች፦ የኔ ቤት በሚስማሩ ቀዳዳ ያፈሳል። ሁለት ዓመት ሬንጅ ቀባሁ፣ አልተወኝም።

ሞላ አናጢው፦ ሚስማሩ ውሃ በሚሄድበት ስርጉድ ተመትቶ ይሆናል። ከነጎማው ሸንተረሩ ላይ ነው የሚመታው። መጥቼ አየዋለሁ።

ጌታቸው፦ ታዛው 60 ከወጣ ሰሌዳችን ይሸፈናል! የዕድሩ ስም ከመንገድ አይታይም። አባቶቻችን አዋጥተው ያሠሩት ነው።

ታደሰ፦ ዝቅ ይደረጋ።

ጌታቸው፦ በሩ ላይ? ሰው ግንባሩን ሊመታ?

እቴ ዘነበች፦ ድንኳኑ ሻግቶ ለቅሶ ቤት ያፈርነውን ረሳችሁት?

ጌታቸው፦ ድንኳኑ በሰሌዳው ምክንያት አልሻገተም።

ታደሰ፦ አጥሩንም ያስቀረኸው አንተ ነህ።

ጌታቸው፦ አጥሩን አታንሳብኝ! ያኔ ገንዘብ አልነበረም።

ጸሐፊው፦ ረጋ በሉ። ደግሞ የአሸንዳ ዋጋ እጠይቃለሁ ያለው ብርሃኑ የት ገባ? ሦስት ቀኑ ነው።

ጌታቸው፦ ታደሰ፣ ይቅርታ፣ ተናድጄ ነው። ሰሌዳው መንገድ ዳር በብረት ምሰሶ ይተከል። ታዛው እንደፈለጋችሁ ይውጣ።

ታደሰ፦ ይሄ ይሻላል።

ጸሐፊው፦ እንግዲህ እንዲህ ይቅረብ። ጣሪያው 1 ሜትር፣ ታዛው 60፣ ሰሌዳው በምሰሶ። ለምሰሶው ገንዘብ እንዲበቃ የጓሮው አሸንዳ ለመስከረም ይቆይ።

እቴ ዘነበች፦ ግድግዳው የተበላው በጓሮ በኩል ነው እኮ! ሐምሌና ነሐሴ አልፎ አሸንዳ?

ሞላ አናጢው፦ እኔም አልስማማም። ካልቀረ ግን ጠብታው በሚያርፍበት መስመር ጠጠር እናፍስ፣ ጭቃ መርጨቱ ይቀንሳል። የፊቱ ቧንቧም ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይደፋ ወደ መንገዱ ቦይ ይሂድ። ቦዩ ደግሞ አፈር ሞልቶታል። ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዤ እመጣለሁ። ሌላስ ማን ይመጣል?

ጌታቸው፦ የሰሌዳው ምሰሶ ቁመት ስንት ይሁን?